የጠጕር ማድረቂያ ለምን እየበራ ይጠፋል?



የዛሬው ነገራችን የመጣው ከእኅቶቻችን መኝታ ቤት ነው። ከእነርሱ አንዷ በ220 ቮልት የሚሠራ፤ ኀይሉ 1800 ዋት የሆነ የጠጕር ማድረቂያ ይዛ መጣች። መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያህል ይሠራና ይጠፋ ነበር፤ ጥቂት ካረፈ በኋላም ራሱ ይነሣል። እያደር የሚሠራበት ጊዜ አጠረ፤ የተቃጠለ ጠጕር ይሸት ጀመር፤ በመጨረሻም ጨርሶ ዝም አለ።

የዚህ መሣሪያ ሞተር ከበስተኋላ ባለው ወንፊት አየር ይስባል፤ አየሩም በጋለው ሽቦ ላይ አልፎ በአፉ ይወጣል። ሽቦው ከልክ በላይ እንዳይግል የሚጠብቀው ይኸው የሚያልፈው አየር ነው። ወንፊቱ በፎጣ ብናኝና በጠጕር ሲደፈን የሚገባው አየር ያንሳል፤ ሽቦው ግን ያንኑ ያህል ሙቀት መስጠቱን አይተውም፤ ሙቀቱም መውጫ አጥቶ እዚያው ይከማቻል።

ለዚህ ሁለት ዘበኞች አሉት። አንደኛው ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ ቀጭን ምላስ ነው፤ ሲግል ይታጠፍና መስመሩን ይቈርጣል፤ ሲበርድ ይመለሳል። እየጠፋ ይበራ የነበረው በዚህ ነው። ሁለተኛው የሙቀት ፊውዝ ነው፤ እርሱ አንድ ጊዜ ከተቈረጠ አይመለስም።

ስፒናውን ነቅለን ፈታነው። ወንፊቱ ከውስጥ በኩል እንደ ባዘቶ በተነጠፈ ብናኝ ተሸፍኖ ነበር። የማሞቂያው ሽቦ ሲለካ 27 ኦም ያህል ሆነ፤ ለ1800 ዋት የሚገባው ይኸው ነውና ደኅና ነው። ፊውዙ ግን ምንም አያሳልፍም።

በዚህ ጊዜ አንድ ጓደኛችን፤ «በቍራጭ ሽቦ እናገናኘውና ይሥራ» አለ። ይሠራ ነበር፤ አልካድነውም። ነገር ግን ምላሱ ብዙ ጊዜ ሲከፈትና ሲዘጋ ጫፎቹ ተጣብቀው ሊቀሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የሚያስቆመው ምንም ነገር አይኖርም፤ መሣሪያው የሚቀመጠውም ብዙ ጊዜ አልጋ ላይ ነው። ክርክሩ ረዘም ያለ ነበር፤ ባለቤቲቱ «እኔ ከእርሱ ጋር አልተኛም» ስትል አበቃ።

ስለዚህ በአካሉ ላይ የተጻፈው የሙቀትና የአምፔር ቍጥር ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነ ፊውዝ ገዛን። በቆርቆሮ አልበየድነውም፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ይቈርጠዋልና፤ በትንሽ የብረት ቱቦ አጣምረን በፒንሳ ጨመቅነው። ብናኙንም በደረቅ ብሩሽ አወጣን እንጂ ውሃ አላስነካነውም።

ከገጠምነው በኋላ ስናበራው ከወንፊቱ ላይ ያስጠጋነው ወረቀት ተስቦ ተጣበቀ፤ ዐሥር ደቂቃም ሳይጠፋ ሠራ። ወረቀቱ የማይጣበቅላችሁ ከሆነ፤ ወይም ወንፊቱ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከጠፋ፤ ስፒናውን ነቅላችሁ በሞተሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ ጠጕር ፈልጉ። ጠጕሩ ከወጣ በኋላም ዘንጉ በጣት ሲዞር የሚከብድ ከሆነ ሞተሩ ደክሟል፤ አዲስ ፊውዝ ቢገባለትም ያንኑ መልሶ ይቈርጠዋል።