ሜዳ ላይ ተምሮ ቁልቁለት መውረድ

(በደብረ ብርሃን ከተማ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ለጀመሩ የአንድ መንደር ማኅበር አባላት፣ በመስመሩ ላይ በሚሠሩ አሽከርካሪዎች ስም የቀረበ ንግግር)



ስለ መንጃ ፈቃድ ፈተና እንድንነግራችሁ በጠየቃችሁን ጊዜ በእጃችሁ የያዛችሁትን የጥያቄና መልስ ጥራዝ ተመልክተናል። ገጾቹ በማገላበጥ ብዛት ተተልትለዋል፤ ከትክክለኛዎቹ ፊደላት ሥርም በእርሳስ ተሰምሮባቸዋል። እኛም ከእንዲህ ያለ ጥራዝ ያጠናን ሰዎች ነንና ልንነቅፋችሁ አልመጣንም። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበርና ወደ ደብረ ሲና በሚወስዱት መንገዶች ላይ ስንሠራ ያየነውን አንድ ጉዳይ ልናካፍላችሁ ወደድን። ጉዳዩም ቁልቁለት አወራረድ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ሜዳማ አምባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የምትለማመዱት በዚሁ ሜዳ ነው፤ የተግባር ፈተናውም የሚሰጠው በአጭርና ለጥ ባለ ስፍራ ነው። እዚያ ፍሬን ትይዛላችሁ፣ መኪናው ይቆማል፣ ፈታኙም ይጽፋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ፍሬን ሲግል ማየት አይቻልም፤ ለመጋል የሚበቃ ርቀትም ጭነትም የለምና። ፈቃዱን ተቀብላችሁ ሥራ ስትጀምሩ ግን ሥራው ያለው ከአምባው ጠርዝ በታች ነው። አንኮበር ከዚህ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ሲወረድ ግን መንገዱ በአጭር ርቀት ውስጥ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። በጣርማ በር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደውም ከዚህ የባሰ ረጅም ነው። ፈተናው የማይጠይቃችሁን ነገር መንገዱ በመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቃችኋል።

ከመካከላችን በአንዱ የደረሰውን እንንገራችሁ። ፈቃዱን ካገኘ አራት ወር አልሞላውም ነበር፤ የጽሑፍ ፈተናውንም ያለፈው በከፍተኛ ነጥብ ነው። በአነስተኛ የጭነት መኪና ዘይት፣ ስኳርና ሳሙና ጭኖ ከአንኮበር ቁልቁል ተነሣ። መኪናው ከነጭነቱ አምስት ቶን ያህል ይመዝን ነበር። ከጎኑ ለገበያ የሚወርዱ አንድ አረጋዊ አሽከርካሪ ተቀምጠዋል። ወጣቱ በአራተኛ ማርሽ እየወረደ፣ ፍጥነቱ እንዳይጨምር ፍሬኑን በቀስታ ሳይለቅ ረግጦ ይዟል። በራሱ ዓይን ይህ ጥንቃቄ ነበር።

ጥቂት ጠመዝማዛ እንዳለፉ የተቃጠለ ነገር ይሸት ጀመር። ሽማግሌው፣ «አንተ ልጅ፣ ፍሬንህ ነው የሚሸተው፤ ማርሽ ቀንስ» አሉት። እርሱም፣ «ጋሼ፣ እየያዘልኝ ነው፤ አይስጉ» አላቸው። በቀጣዩ መታጠፊያ ፔዳሉ እንደ ጭቃ ለስልሶ ወለሉን ነካ። ሽማግሌው ፔዳሉን ደጋግሞ እንዲረግጥ አዘዙት፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ርግጫ ጥቂት ኃይል ተመለሰ። በዚያች ጥቂት ፋታ ሦስተኛ፣ ቀጥሎም ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፤ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳበ፤ መሪውንም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ግድግዳ አዞረ። መኪናው ጎኑን እየፋቀ ከቦዩ ውስጥ ቆመ። የተጎዳ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ወጣቱ ጎማዎቹ ላይ ውኃ ሊያፈስ ጀሪካን ሲያነሣ ሽማግሌው ከለከሉት፤ የጋለ ታምቡር ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ይሰነጠቃልና። አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ፍሬኑ ሲቀዘቅዝ ፔዳሉ እንደ ቀድሞው ጠንካራ ሆነ። በማግስቱ መካኒኩ ቢፈትሸው የሚያፈስ ቱቦ፣ የተሰበረ ነገር አላገኘም። እንዲህ ያለው ብልሽት ሲቀዘቅዝ የሚሰወር ስለሆነ፣ ብዙ አሽከርካሪ «ፍሬኔ አንድ ቀን ከዳኝ፤ ኋላ ግን ዳነ» እያለ ምክንያቱን ሳያውቅ ይኖራል።

ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። ፍሬን የመኪናን ጉልበት ወደ ሙቀት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ሸራው ታምቡሩን እየፈተገ መኪናውን ሲያዘገይ ጉልበቱ በሙሉ እዚያ ብረት ውስጥ ይገባል። አምስት ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 150 ሊትር የሚጠጋ የደብረ ብርሃን ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት ይበቃል። አንድ በርሜል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ውኃ ማለት ነው። ያን ሁሉ እሳት በአራት ጎማዎች ፍሬን ላይ ብቻ ብትጭኑት፣ በቅድሚያ ሸራው ይግልና መያዝ ይሳነዋል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቀዘቅዝም። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ ደግሞ ዘይቱ ይፈላል፤ በቱቦው ውስጥ የተፈጠረው እንፋሎት ስለሚታመቅ ፔዳሉ ይሰምጣል። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት እርጥበት ከአየር ይስባል። በብዙ መኪኖች የሚጨመረው ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ ይሠራል፤ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ላይ ሊፈላ ይችላል። ለዓመታት ያልተቀየረ ዘይት በሜዳ ምንም አይታወቅበትም፤ ራሱን የሚገልጠው ቁልቁለት ላይ ነው።

በሌላ በኩል ማርሽ ሲቀነስ ጎማው ሞተሩን በግድ ያሽከረክራል፤ ሞተሩም አየር እያመቀና እየተፈተገ ጉልበቱን ይበላል። ያ ሙቀት በራዲያተሩና በጭስ ማውጫው ይወጣል እንጂ ሸራው ላይ አይከማችም። ስለዚህ «ቁልቁለት ሲወርዱ ከባድ ማርሽ ይጠቀሙ» የሚለው መልስ የተሰጠው ሙቀቱን የሚሸከም ሌላ አካል እንዲኖር ነው። የእኛ ወጣት ይህን ጥያቄ በፈተናው ላይ በትክክል መልሶታል። ኋላ ስንጠይቀው ያስታወሰው ግን የመልሱን ፊደል ብቻ ነበር፤ «ሐ ነበር» አለን።

ምክንያቱን ያወቀ ሰው የቀረውን ራሱ ያገኘዋል። ማርሹን የሚቀንሰው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ አልገባ ሊል ይችላልና። ማርሹ ትክክል መሆኑንም ከእግሩ ያውቃል። ፍሬኑን ሳያርፍ ለመርገጥ ከተገደደ ማርሹ ቀላል ነው፤ አንድ ማርሽ ይቀንሳል። ሲረግጥም ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ይቀንስና ፈጽሞ ይለቀዋል፤ በተለቀቀበት ጊዜ ነፋስ ታምቡሩን ያበርደዋል። በፎሌ፣ ማለት ሞተሩና ጎማው ሳይያያዙ መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለውን የሰፈር ትምህርትም አይቀበልም። መኪና በማርሽ ተይዞ፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ሲወርድ የዛሬ ሞተሮች ነዳጁን ያቋርጣሉ፤ በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይበላል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድማ የፍሬኑን አጋዥ ኃይል ያጣል፤ ቁልፉንም ከነቀለ መሪው ሊቆለፍበት ይችላል።

መልሱን ብቻ ማወቅ እንዴት ጠላት እንደሚሆን የሚያሳይ ሌላም ነገር አለ። ሽማግሌው «ደጋግመህ ርገጥ» ያሉት ምክር ወጣቱን አዳነው። እርሱም ለብዙ ጊዜ ይህን እንደ ሕግ ይዞት ኖረ። በኋላ በንፋስ ፍሬን የሚሠራ ትልቅ መኪና ሲይዝ ያንኑ ቢያደርግ ኖሮ ራሱን ባጠፋ ነበር። በዘይት ፍሬን መደጋገም ጥቂት ግፊት ይመልሳል፤ በንፋስ ፍሬን ግን እያንዳንዱ ርግጫ በጋኑ ውስጥ የተጠራቀመውን አየር ያወጣል፣ መሙያው ካልደረሰለት የግፊቱ መርፌ ይወርዳል። ሁለቱም ፔዳል ናቸው፤ ሁለቱም ቁልቁለት ላይ ናቸው፤ የሚበጀው አረጋገጥ ግን ተቃራኒ ነው። ይህን በቃል የተጠና ጥራዝ አይለይላችሁም።

ስለ ጉም ጥቂት ብቻ እንጨምር፤ በጣርማ በርና በአንኮበር አፋፍ የማይቀር ነውና። በምታዩት ርቀት ውስጥ መቆም በምትችሉበት ፍጥነት ንዱ ይባላል። በእርጥብ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና፣ አሽከርካሪው አንድ ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ፍሬን ቢይዝ እንኳ ለመቆም ወደ 27 ሜትር ይፈልጋል። በ60 ሲሄድ ወደ 52 ሜትር ይፈልጋል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ቢጨምር ርቀቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህም በሜዳ ነው፤ በቁልቁለት ይረዝማል። በጉም ውስጥ 30 ሜትር ብቻ የምታዩ ከሆነ 60 ይዞ መሄድ ማለት ወደማታዩት ስፍራ ሄዶ መቆም ነው። ረጅም መብራትም አትጠቀሙ፤ ጉሙ ብርሃኑን መልሶ ወደ ዓይናችሁ ይረጨዋልና አጭሩ ይሻላል።

ጥራዙን አትጣሉት፤ ፈተናውን ማለፍ የግድ ነው። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ ግን «ስለ ምን?» ብላችሁ ጻፉ፤ አስተማሪያችሁንም ጠይቁ፤ ያልመለሰላችሁን ወደ እኛ አምጡ። በመጪው ቅዳሜ ፈቃደኛ የሆናችሁትን በተጫነ መኪና ወደ አንኮበር ቁልቁለት እንወስዳችኋለን። የተወሰነውን መንገድ በሁለተኛ ማርሽ ወርደን እንቆማለን፤ ወደ አፋፉ ተመልሰን፣ ፍሬኑ ፈጽሞ ከበረደ በኋላ፣ ያንኑ መንገድ በሦስተኛ ማርሽ እንወርዳለን። በሁለቱም ጊዜ ከመኪናው ወርዳችሁ እጃችሁን ወደ ጎማው ታስጠጋላችሁ። ብረቱን ግን እንዳትነኩት።