ትኩስ ዘይት ሲፈናጠቅ

ሰባተኛ መንገድ ዳር ፓስቲ የምትጠብስ አንዲት እናት ዘይት ክንዷ ላይ ተፈናጠቀባት እንበል። ጎረቤቱ ሁሉ ሊረዳት ይሮጣል፤ አንዱ የጥርስ ሳሙና፣ ሌላው ቅቤ፣ ሌላዋ ሊጥ ይዛ።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ ውሃ! ዘይቱ ቢጠረግም ሙቀቱ ወደ ውስጥ መዝለቁን አያቆምም። እንፋሎትም እንዲሁ ነው። ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ሳታቋርጡ አፍስሱበት። ቧንቧ ከሌለ፣ በደቂቃ አንድ ሊትር ያህል ብታንቆረቁሩ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። በረዶ ግን ቆዳውን ይበልጥ ይጎዳዋል። ውሃው እየፈሰሰ ቀለበትና አምባሯን አውልቁላት፤ እጇ ሲያብጥ አይወጡም።

ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀረዋል። ሊጥ፣ እንቁላልና የቡና ዱቄት ደግሞ ቁስሉን ለጀርም ያጋልጣሉ፤ ሐኪሙም ጥልቀቱን እንዳያይ ይጋርዱታል። ውሃ የቋጠረውን አታፈንዱ፤ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት።

ቃጠሎው ከመዳፏ ከሰፋ፣ ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከነካ፣ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ነጭ ሆኖ የማያም ከሆነም አትዘናጉ፤ ጥልቅ ቃጠሎ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።