ስንቅ የሌለው ቼክና በአውጪው ላይ የሚደርሰው ኃላፊነት
(በሬዲዮ የተነገረ)

በጂንካ ከተማና በደቡብ ኦሞ ገበያዎች የከብት ነጋዴዎች በአንድ ጊዜ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ውል ይዋዋላሉ። ያን ያህል ብር ተሸክሞ መንገድ መሄድ አስጊ በመሆኑ ብዙዎች በቼክ ይገበያያሉ። ዛሬ የምነግራችሁ ቼኩ ባንክ ደርሶ ገንዘብ ሲያጣ፥ ገበያ «ደረቅ ቼክ» ሕግ ዐዋቂዎች ደግሞ «ስንቅ የሌለው ቼክ» ስለሚሉት ነገር ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ነጋዴ በቀይ አፈር ገበያ 12 በሬዎች እያንዳንዱን በ40,000 ብር ገዛ እንበል። ዋጋው 480,000 ብር ነው። በባንክ ያለው ግን 150,000 ብር ብቻ ስለ ሆነ፥ ለሻጩ ኅዳር 1 ቀን የሚል ቼክ በመስከረም ወር ጽፎ ሰጠውና «እስከዚያ በሬዎቹን ሸጬ ገንዘቡን አስገባለሁ፤ ይህ ለመያዣ ነው» አለው። ሻጩም ተቀበለ። በጥቅምት ግን ቤተሰቡ ችግር ስለ ገጠመው ቼኩን ይዞ ባንክ ሄደ።

ነጋዴው «ቀኑ ገና ነው» ብሎ ይከራከር ይሆናል። ነገር ግን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ቼክ እንደ ቀረበ የሚከፈል ሰነድ ነው ይላል፤ ከተጻፈበት ቀን በፊት ቢቀርብም በቀረበበት ቀን ይከፈላል። በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢታወጅም፥ ስለ ቼክ የሚናገረው የ1952ቱ ክፍል እንደ ጸና ነው። ስለዚህ «ለመያዣ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ቼኩን ወደ ዕዳ ደብተር አይለውጠውም።

ባንኩ በቂ ገንዘብ የለም ካለ፥ ሻጩ ሊያደርገው የሚገባ የመጀመሪያው ነገር ይህንኑ ቃል ከነቀኑ በጽሑፍ ማግኘት ነው። ያለዚህ ማስረጃ ክርክሩ ይደክማል። የጊዜውንም ልክ ይወቅ። ቼክ በ6 ወር ውስጥ ለባንክ መቅረብ አለበት፤ በአውጪው ላይ በቼኩ መሠረት የሚቀርበው ክስ ደግሞ ይህ የማቅረቢያ ጊዜ ካበቃ በኋላ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ቼኩን በሣጥን ቆልፎ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው፥ መብቱን በቼኩ ሳይሆን በሽያጩ ውልና በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል።

በፍትሐ ብሔር በኩል መንገዱ አጭር ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የቼክ ክስ በአጭር ሥነ ሥርዓት እንዲታይ ፈቅዷል። ተከሳሹ በተለመደው አኳኋን መልስ አይሰጥም፤ መከላከያ እንዳለው በመሐላ አስረድቶ አስቀድሞ ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ካልተፈቀደለት በክሱ ልክ ይፈረድበታል። ከዋናው ገንዘብ በላይ ቼኩ ለባንክ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ በሕግ የተወሰነው ወለድ ይታሰባል። በዓመት ከመቶ 9 ቢታሰብ፥ በ480,000 ብር ላይ በስድስት ወር 21,600 ብር ይሆናል። «በሬዎቹ ሕመምተኞች ነበሩ» የሚል መከላከያ ለሻጩ ለራሱ ሊነሣ ይችላል፤ ሻጩ ቼኩን በቅን ልቡና ለተቀበለ ለሌላ ሰው አስተላልፎ ከሆነ ግን በዚያ ሰው ላይ አይሠራም።

በወንጀል በኩል ነገሩ ይከብዳል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 693፥ በቂ ገንዘብ አለመኖሩን እያወቀ ቼክ የሚያወጣን ሰው እስከ ጽኑ እሥራት በሚደርስ ቅጣት ይቀጣል። ሒሳቡን ሳይመረምር በቸልተኝነት ያወጣም፥ ቅጣቱ ቢቀልለትም፥ ከመቀጣት አያመልጥም። ነጋዴያችን በእጁ 150,000 ብር ብቻ እንዳለ ያውቅ ነበርና «አላወቅሁም» ሊል አይችልም። በኋላ ዕዳውን መክፈሉ ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ የተፈጸመውን ወንጀል ግን አይፍቀውም። እንዲሁም መታሠሩ ከዕዳው ነጻ አያወጣውም፤ ሁለቱ ክሶች እየራሳቸው ይሄዳሉና።

እንግዲህ ነጋዴው ምን ማድረግ ይገባው ነበር? ገንዘቡን ኅዳር 1 ቀን እንደሚከፍል ማረጋገጥ ከፈለገ፥ ሕጉ ለዚህ «የተስፋ ሰነድ» የሚባል ወረቀት አዘጋጅቶለታል። በእርሱ ላይ የመክፈያ ቀን መወሰን ይቻላል፤ ቀኑ ሲደርስ ባይከፈልም በአጭር ሥነ ሥርዓት ያስከስሳል እንጂ ስንቅ የሌለው ቼክ አወጣ አያሰኝም። ሻጩም ቢሆን ገንዘቡን ወዲያው ከፈለገ፥ ባንኩ ራሱ የሚከፍለውን ሲፒኦ ይጠይቅ።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ወገኖቼም፥ ወዳጃችሁ «ለአንድ ወር ብቻ ቼክ ፈርምልኝ» ቢላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ይህን አስቡ። ፊርማው የእናንተ ከሆነ የቼኩ አውጪ እናንተ ናችሁ፤ ገንዘቡን የበላው ሌላ ቢሆንም ባንኩ ገንዘብ የለም ያለ ዕለት የሚጠራው የእናንተ ስም ነው።