ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡ



አንድ የጣና የሞተር ጀልባ ነጂ በባሕር ዳር ማደያ ቤንዚን ለማስቀዳት ጀሪካኑን ይዞ መጣ እንበል። ጀሪካኑን ከባጃጁ ሳያወርድ ቢያስቀዳ አደጋው ከዚያ ይጀምራል።

የሚቀጣጠለው ፈሳሹ ሳይሆን ተኑ ነው። ተኑም ከአየር 3 እስከ 4 እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ራቅ ካለ እሳት ይደርሳል። እሳትም ባይኖር፣ ቤንዚኑ በቱቦው ሲፈስ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ጀሪካኑ በባጃጁ የጎማ ምንጣፍ ላይ ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት መውረጃ ያጣል፤ በመቅጃውና በጀሪካኑ አፍ መካከልም ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል።

ስለዚህ ሞተሩ ይጥፋ፤ ለነዳጅ የተሠራው ጀሪካን መሬት ላይ ይቀመጥ፤ የመቅጃው ብረት የጀሪካኑን አፍ እንደ ነካ ቀስ ተብሎ ይቀዳ።

እሳት ቢነሣ መቅጃውን መምዘዝ ነበልባሉን ይረጨዋል። እዚያው ትቶ መራቅና ፓምፑ እንዲዘጋ መጮህ ይገባል።