ከፓራብሬዛ ለውጥና ከፓራውልት ጥገና በኋላ፦ ካሜራና ራዳር ለምን እንደገና ይለካሉ?



ንግግሬን በአንድ ስሌት እጀምራለሁ። አሽከርካሪውን የሚያስጠነቅቅና በራሱ ፍሬን የሚይዝ መኪና እንውሰድ። ካሜራው ከመስታወቱ ጀርባ፣ ከመንገዱ 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ከፊት ያለው መኪና በ40 ሜትር ርቀት ላይ ነው። ካሜራው የዚያን መኪና ጎማ መንገዱን በሚነካበት ነጥብ ሲያይ፣ የእይታው መስመር ከአግድም 1.86 ዲግሪ ያህል ወደ ታች ያዘነብላል። አንድ ዐይን ብቻ ያለው ካሜራ ርቀትን ከሚገምትባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ማዕዘን ነው፤ ማዕዘኑ ባነሰ ቁጥር ነገሩ እንደ ራቀ ይቆጠራል።

አሁን ፓራብሬዛው ተሰብሮ ተለወጠ እንበል። ካሜራውን የሚይዘው ማቀፊያ ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ የሚመጣ ነው። ማቀፊያው 10 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና አንዱ ጫፉ ከሌላው ከ1 ሚሊ ሜትር ባነሰ ልዩነት ቢዛባ፣ ካሜራው ግማሽ ዲግሪ ወደ ታች ሊያዘነብል ይችላል። ያ ነጥብ በምስሉ ውስጥ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ኮምፒውተሩም 1.86 ዲግሪውን 1.36 ዲግሪ አድርጎ ያነባል። በዚህ ስሌት 40 ሜትር የነበረው ርቀት 55 ሜትር ያህል ይሆናል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ መኪና ይህ የ15 ሜትር ልዩነት የአንድ ሰከንድ ያህል መዘግየት ነው። እርግጥ ነው፣ ብዙ ሥርዓቶች የራዳርንና የመንገድ መስመሮችን መረጃ ጨምረው ስሕተቱን በከፊል ያርማሉ፤ ሆኖም የሚያርሙት በተወሰነ ክልል ውስጥ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ነጥብ ካሜራው መዛባቱን በእርግጠኝነት የሚያውቅበት መንገድ የሌለው መሆኑ ነው። ምስሉ ጥርት ያለ ነው፤ በዳሽቦርዱ ላይም የማስጠንቀቂያ መብራት ላይበራ ይችላል። ስለዚህ መብራት አለመብራቱ የልኬቱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም።

ልኬቱ የሚደረገው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መኪናው ቆሞ የሚደረገው ነው። መኪናው በተስተካከለ ወለል ላይ ይቆማል። የጎማዎቹ አየርና የጭነቱ መጠን አምራቹ ባዘዘው ልክ ይደረጋሉ፤ ምክንያቱም የኋላው ክፍል ዝቅ ካለ ካሜራው ወደ ላይ ያያል። ከዚያም የልኬት ሰሌዳ በታዘዘው ርቀትና ከፍታ ይተከላል። ሰሌዳው የሚስተካከለው ከአካሉ መሐል ጋር ብቻ ሳይሆን የኋላ ጎማዎች መኪናውን ከሚገፉበት አቅጣጫ ጋር ነው። የኋላ ጎማዎች አላይመንት የተዛባ ከሆነ መኪናው አካሉ ወዳመለከተው አቅጣጫ አይሄድም፤ ስለዚህ አላይመንቱ አስቀድሞ ይስተካከላል። በመጨረሻም የምርመራ መሣሪያው ካሜራው ሰሌዳውን ያየበትን ቦታ መታየት ከሚገባው ቦታ ጋር ያነጻጽርና ልዩነቱን በማስታወሻው ውስጥ ያስቀምጣል። ካሜራው በአብዛኛው ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚለወጠው ኮምፒውተሩ ስለ አቀማመጡ ያለው እውቀት ነው።

ሁለተኛው መንገድ እየተነዳ የሚደረገው ነው። መሣሪያው ተገናኝቶ መኪናው በታዘዘው ፍጥነት፣ ግልጽ መስመር ባለው መንገድ ላይ ይነዳል። መስመሩ በደበዘዘበት ወይም መኪና በተጨናነቀበት መንገድ ሥራው ላያልቅ ይችላል። የትኛው መንገድ እንደሚያስፈልግ፣ ወይም ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ የሚወስነው አምራቹ ነው።

ራዳር ሌላ ጠባይ አለው። የፊት ራዳር ብዙውን ጊዜ በ77 ጊጋ ኸርትዝ አካባቢ ይሠራል፤ የሞገዱ ርዝመት በአየር ውስጥ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ያጥራል። በመሆኑም የፓራውልቱ ውፍረት ራሱ የሥርዓቱ አካል ነው። ራዳሩ በሚያይበት ቦታ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ስቱኮ ቢቀባ፣ ወይም የብረት ብናኝ ያለበት ቀለም ቢደራረብ፣ ከሞገዱ ከፊሉ ተመልሶ ይንጸባረቃል፤ የተረፈውም አቅጣጫውን ሊስት ይችላል። የራዳሩ መያዣም በግጭት ሊጣመም ይችላል። አንድ ዲግሪ ወደ ጎን ከዞረ በ60 ሜትር ላይ ከ1 ሜትር በላይ ይስታል፤ በጎን መስመር ያለው መኪና ከፊት ያለ፣ ከፊት ያለው ደግሞ በጎን ያለ ሊመስለው ይችላል። የራዳር ልኬት ብዙውን ጊዜ ሦስት የብረት ገጾች በቀጥተኛ ማዕዘን በተጋጠሙበት አንጸባራቂ አማካኝነት ይደረጋል፤ በአንዳንድ መኪናዎችም ራዳሩ በብሎን ይስተካከላል።

ገደቡ ግን እዚህ ላይ ነው። ልኬት አቅጣጫን ያርማል እንጂ የወፈረን ስቱኮ አያሳሳም፤ የተጣመመን መያዣም አያቃናም። እንዲህ ዓይነት ጉድለት እያለ ልኬቱ ተሳክቷል የሚል መልእክት ቢመጣ እንኳ ራዳሩ በሩቅ ያለውን ነገር ዘግይቶ ሊያገኝ ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፤ መጀመሪያ አካሉና መያዣው ይጠገናሉ፣ ቀጥሎ የጎማ አላይመንት ይስተካከላል፣ በመጨረሻም ልኬቱ ይደረጋል። ባለ መኪናውም ከጋራዡ ሲወጣ የጥገናውን ደረሰኝ ብቻ ሳይሆን የልኬቱን ውጤት በጽሑፍ ሊቀበል ይገባዋል።