የዋጋ ንረት ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት ነውን?

በቁስቋም የምትኖሪ ተማሪያችን ሆይ፣ ከክፍል ጓደኞችሽ ብዙዎቹ የመረጡት መልስ፣ ማለትም «የዋጋ ንረት ከ34 ወደ 29 በመቶ ከቀነሰ የዕቃ ዋጋ በ5 በመቶ ወርዷል» የሚለው፣ ላይ ላዩን ሲያዩት እውነት ቢመስልም በስሌት ሲመረመር የሚጸና አይደለም። አኀዞቹ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ለታኅሣሥ 2015 እና ለታኅሣሥ 2016 ካወጣቸው ጋር እጅግ ይቀራረባሉ።

እንግዲህ በታኅሣሥ 2014 በሽሮ ሜዳ ገበያ 100 ብር ያወጣ የነበረ የጤፍ፣ የሽሮና የዘይት አስቤዛ እንደ አገሪቱ አማካይ ጨመረ ብንል፣ በዓመቱ 134 ብር ይሆናል። ሁለተኛው ዓመት የሚነሣው ከ100 ሳይሆን ከዚሁ ከ134 ስለ ሆነ፣ የዚህም 29 በመቶው 39 ብር ገደማ ስለሚመጣ፣ አስቤዛው 173 ብር ይደርሳል። ልብ በይ፤ ምጣኔው እያነሰ ሳለ ጭማሪው ከ34 ወደ 39 ብር ከፍ ብሏል። (እናትሽ ዜናውን ሰምተው «የቱ ጋ ነው የቀነሰው?» ቢሉ አልተሳሳቱም።)

ዋጋ ወረደ ለማለት ንረቱ ከዜሮ በታች መሆን ነበረበት፤ 5 የተባለውም የሁለት ምጣኔዎች ልዩነት እንጂ የአስቤዛው ዋጋ ልዩነት አይደለም።