የሰረዝነው ኢሜይል በእርግጥ የሚጠፋው መቼ ነው?



አገር ቤት ላለ ወገን ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ስም ዝርዝር፣ የአንድ ዘመድ የፓስፖርት ቅጂ፣ መረጃ ያቀበለን ሰው ስልክ ቁጥር፣ ይህን ሁሉ በኢሜይል እንቀባበላለን። አንድ ቀን ስጋት ሲገባን እንሰርዘውና «አለቀ» ብለን እንቀመጣለን። አላለቀም። መቼ እንደሚያልቅ ደግሞ ኩባንያው ራሱ ጽፎ አስቀምጦታል፤ የሚያነበው ሰው ነው የጠፋው።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበትን የጉግልን እንውሰድ። policies.google.com/technologies/retention የሚለው ገጽ ላይ ሰፍሯል። ረጅም አይደለም፤ ቡና እስኪፈላ ድረስ ተነብቦ ያልቃል። ሲነበብ ግን ሦስት የተለያዩ ጊዜያትን ለይቶ መያዝ ያስፈልጋል።

በምሳሌ እንየው። አንድ ሰው የአዋጪዎችን ስም ዝርዝር የያዘ ኢሜይል ማርች 1 ቀን ከጂሜይሉ ሰረዘ እንበል። ኢሜይሉ በመጀመሪያ የሚሄደው Trash ወደሚባለው ማህደር ነው። እዚያ 30 ቀን ይቆያል። እስከ ማርች 31 ድረስ የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ወይም የተከፈተ ስልኩን በእጁ ያስገባ ማንኛውም ሰው ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ ሊያነበው ይችላል። በፍተሻ ቦታ ላይ ስልኩን ክፈት የተባለ ሰው የሚጋለጠው በዚህ በኩል ነው። ስለዚህ መሰረዝ ብቻ ሳይሆን Trash ውስጥ ገብቶ Delete forever የሚለውን መጫን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጊዜ ከዓይን የተሰወረው ነው። ጽሑፉ እንደሚለው፣ የሰረዝነው ነገር በአገልግሎት ላይ ካሉት ሰርቨሮች ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ አብዛኛውን ጊዜ ከተሰረዘበት ቀን ጀምሮ ሁለት ወር ገደማ ይወስዳል። ሰው በስህተት ሰርዞ እንዳይጸጸት እስከ አንድ ወር የሚደርስ የመመለሻ ጊዜም ብዙውን ጊዜ በዚሁ ውስጥ ይታሰባል። የኛ ዝርዝር እንግዲህ እስከ ሜይ መጀመሪያ ድረስ አለ ማለት ነው። «አብዛኛውን ጊዜ» እና «ገደማ» የሚሉትን ቃላት ልብ በሉ። ቁርጥ ያለ ቀን አልተሰጠም። የጥገና ሥራ ወይም ብልሽት ሊያዘገየው እንደሚችልም ገጹ ላይ ተጽፏል።

ሦስተኛው የመጠባበቂያ ቅጂ ነው። ጉግል አደጋ ቢደርስ መልሶ ለማግኘት የሚያስቀምጠው በምስጢር የተቆለፈ ቅጂ አለ። መረጃው በዚያ ውስጥ እስከ 6 ወር ሊቆይ ይችላል። ቆጠራው የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው? ዓረፍተ ነገሩ ይህን አያብራራም። ከማርች 1 ከቆጠርን ሴፕቴምበር 1 ይሆናል። ከሜይ 1 ከቆጠርን ደግሞ ኖቬምበር 1 ይደርሳል። የሰው ደኅንነት የተያያዘበት ነገር ከሆነ ሩቁን ቀን መያዝ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ይህ ሁሉ ቆጠራ ሊቆም ይችላል። በአሜሪካ ሕግ የመንግሥት አካል አንድን ኩባንያ «የዚህን ሰው መረጃ እንዳለ አቆይልኝ» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የፍርድ ቤት ትእዛዝ እስኪመጣ ድረስ ኩባንያው ለ90 ቀን፣ ጥያቄው ከታደሰ ደግሞ ለሌላ 90 ቀን በእጁ ያለውን ማቆየት ግዴታው ነው። ከዚያ በኋላ እኛ ብንሰርዝም የተያዘው ቅጂ አይነካም። የጉግልም ገጽ ለሕግ፣ ለደኅንነት፣ ማጭበርበርን ለመከላከልና ለሒሳብ መዝገብ ሲባል ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ መረጃ እንዳለ ይናገራል። መመሪያውን ሙሉውን ሳያነቡ መዝጋት የማይገባው ለዚህ ነው።

ከሁሉም በላይ ደግሞ መመሪያው የሚናገረው የእኛን ሣጥን በተመለከተ ብቻ ነው። ያንን ዝርዝር ለአምስት ሰው ልከን ከነበረ፣ አምስቱም ጋ አለ። የእኛን ስንሰርዝ የእነሱ አይሰረዝም፤ ቀኑም አይቆጠርም። እያንዳንዳቸው ማርች 20 ቢሰርዙ የእነሱ ሁለት ወርና ስድስት ወር የሚታሰበው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ለተቀባዮቹ ደውሎ ከሣጥናቸውም ከTrashም እንዲያጠፉ መንገር ነው።

ሌላ መድረክ የምትጠቀሙም በዚሁ መንገድ አንብቡ። ለመጸጸቻ ስንት ቀን ሰጠ? ከሰርቨር ለማውጣት ስንት ቀን ይፈጃል? የመጠባበቂያ ቅጂውስ? በምን ምክንያት ያቆያል? አራቱን መልሶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ የራሳችሁን ቀን አስሉ። ያገኛችሁት ቀን የሚያስፈራችሁ ከሆነ፣ ያ ስም ከመጀመሪያውም በኢሜይል መላክ አልነበረበትም ማለት ነው።

ቸር እንሰንብት።